«ቀሪ ፈቃድ፦ 0»

ለ፦ በአዲስ አበባ ለሚገኙ የግል ድርጅቶች የሰው ኃይል አስተዳደር ክፍሎች
ግልባጭ፦ የሙከራ ጊዜያቸውን ገና ላልጨረሱ ሠራተኞች

ጉዳዩ፦ የዓመት ፈቃድ ሳይጠራቀም በሙከራ ጊዜ ስለሚቀርብ የፈቃድ ጥያቄ

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ በሚገኝ አንድ ድርጅት ውስጥ ለብዙ ዓመታት የሠራተኞችን የፈቃድ ቅጽ ስቀበል፣ ስሞላና ስመልስ የኖርኩ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ ነኝ። ቅጹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከላይ ስም፣ የሥራ ክፍልና የሚጠየቀው ቀን ብዛት አለ፤ ከመካከሉ የቅርብ ኃላፊ ይፈርምበታል፤ ከታች ደግሞ «በሰው ኃይል አስተዳደር የሚሞላ» ተብሎ የተሰመረበት ክፍል አለ፣ በዚያም ውስጥ «ቀሪ ፈቃድ» የምትል አንዲት ጠባብ ሣጥን ትገኛለች። ሠራተኛው በሙከራ ጊዜ ላይ ከሆነ በዚያች ሣጥን ውስጥ የምንጽፈው ዜሮ ነው። ዜሮ ከጻፍን በኋላ «አይፈቀድም» የሚለው ራሱ ይከተላል፤ ጥያቄው ስለምን እንደሆነ ማንበብ እንኳ አያስፈልገንም። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ፤ እንድጽፍላችሁ ያደረገኝም ባለፈው ኅዳር ወር በገዛ እጄ የጻፍኩት አንድ ዜሮ ነው።

ጥያቄውን ያቀረበችው በሒሳብ ክፍል የተቀጠረች ወጣት ናት። ሥራ የጀመረችው ሰኞ ጥቅምት 3 ሲሆን ድርጅታችን ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ስለሚሠራ፣ በውሏ ላይ የተጻፈው የ60 የሥራ ቀን ሙከራ በሳምንት 6 ቀን ተቆጥሮ ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ያበቃል። እናቷ ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ በሪፈር መጥተው ለረቡዕ ኅዳር 17 የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተይዞላቸዋል። ታላቅ ወንድሟ አገር ውስጥ የለም፤ ሆስፒታሉ ደግሞ አስታማሚ ይፈልጋል። ስለዚህ ከማክሰኞ ኅዳር 16 እስከ ቅዳሜ ኅዳር 20 ድረስ 5 ቀን ፈቃድ ጠየቀች። ቅጹን ያስገባችው ሰኞ ኅዳር 8 ነበር፤ ቅጹ ሲመለስላትም በእኔ እጅ «ቀሪ ፈቃድ፦ 0» ተጽፎበት፣ ከጎኑ «በሙከራ ጊዜ ላይ ስለሆነች አይፈቀድም» የሚል ታክሎበት ነበር።

በማግስቱ ቅጹን ይዛ ቢሮዬ መጣች። አልተቆጣችም፤ አላለቀሰችም። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ዕረፍት አልጠየቅሁም» አለችኝ። መልስ አጣሁ። እውነት ነው፣ ዕረፍት አልጠየቀችም። እኔ የመለስኩት «የዓመት ዕረፍት አለሽ ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ነው፤ እሷ ያቀረበችው ጥያቄ ግን ሌላ ነበር። ስሕተቱ ከቅጹ ይጀምራል፤ ቅጹ አንድ ዓይነት ፈቃድ ብቻ ያውቃልና።

በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ላይ ስለ ሙከራ ጊዜ የተጻፈውን አንቀጽ 11ን ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ሠራተኛው ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ካልተገኘ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ማሰናበት እንደሚቻል ነው። በዚያው አንቀጽ ውስጥ ግን በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛ፣ በሕግ ወይም በሥራ ደንብ ወይም በኅብረት ስምምነት በሌላ ሁኔታ ካልተወሰነ በስተቀር፣ ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለው መብትና ግዴታ እንዳለው ተጽፏል። ትርጉሙም መነሻው «መብት አለው» የሚል ነው ማለት ነው፤ «የለውም» ለማለት የሚከለክለውን ድንጋጌ ወይም የሥራ ደንብ ማሳየት ይኖርብናል። እኔ ያን ዕለት የራሳችንን የሥራ ደንብ ከመሳቢያ አውጥቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ ስለ ሙከራ ጊዜ ፈቃድ የሚከለክል አንድ መስመር እንኳ አልነበረውም። «በሙከራ ጊዜ ፈቃድ የለም» የሚለው ከኔ በፊት ከነበሩት የወረስኩት ልማድ እንጂ የተጻፈ ደንብ አልነበረም። ደንባችሁን ያላነበባችሁ ካላችሁ፣ ይህን ደብዳቤ ከመጨረሳችሁ በፊት አንብቡት።

ሕጉ የሚከለክልበት ቦታ የለም ማለቴ አይደለም። የዓመት ፈቃድን በተመለከተ አንቀጽ 78 የመጀመሪያው ፈቃድ ከአንድ ዓመት አገልግሎት በኋላ እንደሚሰጥ ይናገራል፤ ስለዚህ ልጅቷ የዓመት ፈቃዷን በመብት ልትጠይቅ አትችልም ነበር፣ ዜሮውም በዚህ ረገድ ልክ ነው። በሕመም ፈቃድ ላይ ደግሞ ሕጉ ይበልጥ ጠንካራ ነው። በአንቀጽ 85 መሠረት የሕመም ፈቃድ የሚገባው የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው። ይህ ብዙ አዲስ ሠራተኛን የሚያስደነግጥ፣ ብዙ የሰው ኃይል ባለሙያም የማያስተውለው ነጥብ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ታይፎይድ ይዞት ሐኪም የ7 ቀን ዕረፍት ቢጽፍለት፣ ወረቀቱ የሕመም ምክንያቱን ያረጋግጥለታል እንጂ በአንቀጽ 85 የሚከፈልበት ፈቃድ አያስገኝለትም። በሥራ ላይ የደረሰ ጉዳት ከሆነ ግን ነገሩ ፈጽሞ ሌላ ነው፤ እሱ በሥራ ላይ ጉዳት ድንጋጌዎች የሚታይ ስለሆነ ሙከራ መጨረስና አለመጨረስ አይለየውም።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ከሁለቱም አይደለም። እናቷ ናቸው የታመሙት፣ እሷ አይደለችም፤ ዕረፍትም አልጠየቀችም። የሷ ጉዳይ የሚገኘው በአንቀጽ 81 ነው። ይህ አንቀጽ በመጀመሪያ ስለ ጋብቻና ስለ ሐዘን ይናገራል፤ ሠራተኛው ሲያገባ፣ ወይም የትዳር ጓደኛው፣ ተወላጁ፣ ወላጁ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር የሥጋ ወይም የጋብቻ ዘመዱ ሲሞትበት ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን ፈቃድ ያገኛል። ከዚያ ቀጥሎ፣ ልዩና ከባድ ሁኔታ ያጋጠመው ሠራተኛ እስከ 5 ተከታታይ ቀናት ያለ ደመወዝ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳለው፣ ይህም በአንድ የበጀት ዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ ሊሰጥ እንደማይችል ይደነግጋል። በዚህ አንቀጽ ውስጥ «አንድ ዓመት ያገለገለ» የሚል ቃል የለም፤ «ሙከራውን የጨረሰ» የሚልም የለም። ሕግ አውጪው ይህን ቅድመ ሁኔታ ማስቀመጥ ሲፈልግ በአንቀጽ 85 ላይ በግልጽ አስቀምጦታል፤ በአንቀጽ 81 ላይ አለማስቀመጡ ዝንጋታ አይመስለኝም።

እንግዲህ ቅጹ ሊጠይቀኝ የሚገባው «ስንት ቀን ቀርቷታል?» ሳይሆን «የገጠማት ነገር ልዩና ከባድ ነው ወይ?» የሚል ነበር። የእናት ቀዶ ሕክምና፣ ያውም ሌላ አስታማሚ በሌለበት፣ ከባድ ነው ወይ ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አላገኘሁም። የአጎት ልጅ ሠርግ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ለበዓል አገር ቤት መሄድ ቢሆን ኖሮ፣ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ በመብት የሚቀርብ ሳይሆን በስምምነት የሚያልቅ ነው፤ አሠሪው ከፈቀደ አንቀጽ 18 እንደሚለው በሠራተኛው ጥያቄ የተሰጠ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ሆኖ ውሉ ለጊዜው ይታገዳል፣ አሠሪው ካልፈቀደም ነገሩ እዚያው ያበቃል። ሁለቱን የማይለይ የሰው ኃይል ሠራተኛ ወይ ለሁሉም ይከለክላል፣ ወይ ለሁሉም ይሰጥና ከሥራ አስኪያጁ ጋር ይጣላል። እኔ በአብዛኛው የመጀመሪያው ዓይነት ነበርኩ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ ተመልሳ ስትመጣ የያዘችው ቅጽ አልነበረም፤ በመዝገብ ቤት በኩል ገቢ ቁጥር አስመትታ ያስገባችው ደብዳቤ ነበር። ማን እንዳስተማራት አልጠየቅኋትም፤ ነገር ግን ለሌሎች አብነት ይሆናልና ይዘቱን ላስቀምጠው፦

«ከጥቅምት 3 ጀምሮ በሒሳብ ክፍል በሙከራ ቅጥር እየሠራሁ እገኛለሁ። ወላጅ እናቴ ለረቡዕ ኅዳር 17 የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ የተያዘላቸው ሲሆን ከእኔ በቀር አስታማሚ የላቸውም። ስለሆነም በአዋጁ አንቀጽ 81 መሠረት ከኅዳር 16 እስከ 20 ድረስ 5 ቀን ያለ ደመወዝ ፈቃድ እንዲሰጠኝ እጠይቃለሁ። የቀጠሮ ካርዱን ቅጂ አያይዣለሁ። በእጄ ያለውን የጥቅምት ወር የባንክ ማስታረቂያ እስከ ኅዳር 15 ጨርሼ ለክፍሉ ኃላፊ አስረክባለሁ።»

በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ለእኔ ትልቁ ነገር የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው። አሠሪ በሙከራ ጊዜ ፈቃድ ሲጠየቅ የሚያሳስበው ቀኑ ብቻ አይደለም፤ ሥራው የት ላይ እንደሚቆም አለማወቁ ነው። ልጅቷ ያንን ጭንቀት ሳይነሣ ዘጋችው። ሌላው ደግሞ «ያለ ደመወዝ» የሚሉትን ቃላት ራሷ መጻፏ ነው፤ ብዙ ሠራተኛ «ፈቃድ ይሰጠኝ» ብሎ ብቻ ስለሚጽፍ የሚያነበው ሰው እጁ ወዲያው ወደ ዓመት ፈቃድ ሣጥን ይሄዳል። ማስረጃውንም ሳትጠየቅ አያያዘች፤ አንቀጽ 84 ሠራተኛው አስቀድሞ እንዲያሳውቅና ሲጠየቅ ማስረጃ እንዲያቀርብ ነው የሚያስገድደው። እዚህ ላይ ለባልደረቦቼ የምለው አለ፤ የቀጠሮ ካርድ ወይም የሪፈር ወረቀት ይበቃል። የእናትየዋን የሕመም ዓይነት፣ የምርመራ ውጤታቸውን፣ የትኛው የሰውነት ክፍላቸው እንደሚቀደድ መጠየቅ የእኛ ሥራ አይደለም። ስንጠይቅ አይቻለሁና ነው የምለው።

ደብዳቤውን ይዤ ወደ ሥራ አስኪያጁ ስገባ እኔ በበኩሌ አንድ ሐሳብ ጨምሬ ነበር፤ ከ5ቱ ቀን አንዱ ከዓመት ፈቃዷ ላይ በቅድሚያ ይሰጣት የሚል። ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎት የሚሰጠው ዝቅተኛ የዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ነው፤ ለ12 ወር ሲካፈል በወር 1.33 ቀን ገደማ ይሆናል። አዋጁ ለዚህ ስሌት 26 የሥራ ቀንን እንደ አንድ ወር ይቆጥራል። ልጅቷ እስከ ሰኞ ኅዳር 15 ድረስ 37 ቀን ሠርታለች፤ ይህም 1.42 ወር ነው፣ በ1.33 ሲባዛ 1.9 ቀን ይሆናል። እንግዲህ «ገና ምንም አልተጠራቀመላትም» የምንለው ነገር ሙሉ በሙሉ እውነት አይደለም። ፈቃዱ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እያደገ ነው፤ አንድ ዓመት የሚጠበቀው ለመውሰድ ነው። ለዚህ ማስረጃው፣ ሠራተኛው ዓመት ሳይሞላ ውሉ ቢቋረጥ ላገለገለበት ጊዜ ተመጣጣኝ የሆነውና ያልወሰደው ፈቃድ በገንዘብ የሚከፈለው መሆኑ ነው። ከተጠራቀመው ከ1.9 ቀን ውስጥ 1 ቀን በቅድሚያ ቢሰጣት ድርጅቱ የሚያጣው ነገር የለም፤ ነገ ብትለቅ እንኳ የሚታሰብላት ሒሳብ ይሸፍነዋል።

ሥራ አስኪያጁ ግን አልተቀበሉኝም። «ሕጉ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው የሚለው፤ ዛሬ ለአንድ ብሰጥ ነገ አሥር ይመጣብኛል» አሉ። ቅር ቢለኝም ሊከለክሉ ይችሉ ነበርና አልተከራከርኩም። የቅድሚያ ፈቃድ በአሠሪው በጎ ፈቃድ የሚሰጥ ነገር ነው። የምትሰጡ ድርጅቶች ካላችሁ ከተጠራቀመው በላይ እንዳትሰጡ እመክራለሁ፤ 1.9 ቀን ላላት ሠራተኛ 5 ቀን ሰጥታችሁ በሦስተኛው ወር ብትለቅባችሁ፣ ትርፉን ከደመወዟ ላይ ለመቁረጥ ስትሞክሩ አንቀጽ 59 ያግዳችኋል። ከሠራተኛ ደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ በሰጠው ስምምነት ነው፤ በአንድ ጊዜም ከወር ደመወዙ ሢሶ ሊበልጥ አይችልም። ያንን የጽሑፍ ስምምነት ሳያስፈርሙ የቅድሚያ ፈቃድ የሰጡ ሰዎች በኋላ ሲቸገሩ አውቃለሁ።

በመጨረሻ 5ቱም ቀን ያለ ደመወዝ ተፈቀደ። ደመወዟ 15,600 ብር ነው። በ26 ቀን ሲካፈል የአንድ ቀኑ 600 ብር ስለሚሆን 5 ቀን 3,000 ብር ተቀነሰባት። እዚህ ላይ የደመወዝ ዝግጅት ክፍሎች ዘወትር የሚያጠፉት ጥፋት ስላለ ባጭሩ ላንሣው። በ26 የሚያካፍል ድርጅት የቀረችባቸውን የሥራ ቀናት ብቻ መቁጠር አለበት፤ በ30 የሚያካፍል ደግሞ የአንድ ቀኑ 520 ብር ስለሚሆን በፈቃዱ መካከል የገባውን እሑድም ይቆጥራል። ሁለቱን የሚያቀላቅል፣ ማለትም በ26 አካፍሎ እሑድን ጨምሮ የሚቆጥር፣ ሠራተኛውን ያልተገባ 600 ብር ያስከፍላል። ሠራተኛ ይህን ለማወቅ ቀላል ነው፤ የተቀነሰበትን ገንዘብ ለ600 አካፍሎ ውጤቱን ከቀረባቸው የሥራ ቀናት ጋር ማስተያየት ነው።

ከገንዘቡ ይልቅ ሥራ አስኪያጁን ያሳሰባቸው የሙከራው ጊዜ ነበር። «60 ቀን እንድንመዝናት ተስማምተን 55 ቀን ብቻ ልናያት ነው፤ 5 ቀን ይራዘምና ታኅሣሥ 17 ይለቅ» አሉ። ይህን ሐሳብ ከብዙ አሠሪዎች አፍ ሰምቼዋለሁ፤ ክፋት የለበትም፣ ግን አያስኬድም። አዋጁ የሙከራ ጊዜ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን ጀምሮ ከ60 የሥራ ቀን መብለጥ እንደሌለበት ይናገራል። ውሉ በፈቃዱ ምክንያት ታግዶ ስለነበር ቆጠራውም ይቆማል ብለው የሚከራከሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ግን ከ60ኛው ቀን በኋላ አንድን ሠራተኛ «በሙከራ ላይ ነሽ» ብዬ ባሰናብት በፍርድ ቤት ፊት ይህን ክርክር ይዤ መቆም አልፈልግም። ምክንያቱም ሙከራው አልቆ ሥራዋን ከቀጠለች ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደተደረገ ነው የሚቆጠረው። በውሉ ላይ የተጻፈው ሙከራ 45 የሥራ ቀን ቢሆን ኖሮ በጽሑፍ ተስማምቶ 5 ቀን መጨመር ከ60 ስለማያልፍ አይከብድም ነበር። የኛ ውል ግን ጣሪያው ላይ ደርሷል። ስለዚህ ያቀረብኩት መፍትሔ ምዘናውን ማስቀደም ነው፤ የክፍሉ ኃላፊ ሰኞ ኅዳር 15 የ37 ቀን ሥራዋን በጽሑፍ ይመዝን፣ የመጨረሻው ምዘና በታኅሣሥ መጀመሪያ ይሞላ አልኩ። ተስማሙ። በፈቃድ ደብዳቤው ላይም «የሙከራ ጊዜዎ ታኅሣሥ 11 የሚያበቃ መሆኑንና ይህ ፈቃድ በምዘናዎ ላይ እንደ መቅረት የማይያዝ መሆኑን እናሳውቃለን» የሚል ዓረፍተ ነገር ገባ።

ይህች ዓረፍተ ነገር ለምን እንደምታስፈልግ የማውቀው ከዚያ በፊት ካየሁት ነው። ከዓመታት በፊት በሌላ መሥሪያ ቤት ሳለሁ አንድ ሹፌር በሙከራ ጊዜው ሠርጉ ደረሰ። ለስምሪት ኃላፊው ነገረው፤ ኃላፊውም «እንኳን ደስ አለህ፣ ሂድ» ብሎ መረቀው። ወረቀት አልነበረም። ሹፌሩ 3 ቀን በጣት አሻራ መቆጣጠሪያው ላይ አልታየም፤ በወሩ መጨረሻ «ያለ ፈቃድ የቀረ» ተብሎ ከሰው ኃይል ክፍል ዝርዝር ወጣ፣ የ3 ቀን ደመወዙም ተቆረጠ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም «ለሥራው ተስማሚ ሆኖ አልተገኘም» ተብሎ ተሰናበተ። ያ ሰው በሕግ ደመወዝ የሚከፈልበት 3 የሥራ ቀን የነበረው ሰው ነው። ኃላፊው «እኔ ፈቅጄለታለሁ» ለማለት አልደፈረም፤ ሹፌሩም የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ስለዚህ በሙከራ ላይ ላላችሁ ሠራተኞች፣ የቅርብ ኃላፊያችሁ በቃል ሲፈቅድላችሁ አመስግናችሁ ወደ መዝገብ ቤት ሂዱ፤ ደብዳቤያችሁን ገቢ አድርጉና የገቢ ቁጥርና ማህተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር።

ወደ ልጅቷ ልመለስና፣ ያላሰብነው ነገር ገጠመን። ማክሰኞ ኅዳር 16 እናቷን ይዛ ሆስፒታል ስትደርስ ቀዶ ሕክምናው ለዓርብ ኅዳር 19 ተዛወረ። ማምሻውን ደወለችልኝ። ፈቃዷ ቅዳሜ ሊያልቅ ነው፤ እናቷ ግን እሷን የሚፈልጓት ከዓርብ ጀምሮ ነው። ረቡዕና ሐሙስ ወደ ሥራ እንድትመለስ፣ ከዚያ ከዓርብ ኅዳር 19 እስከ ማክሰኞ ኅዳር 23 እንድትቀር ተስማማንና ደብዳቤው ተሻሻለ። የተቀነሰባት ቀን ያው 5 ነው፤ አንድ ማክሰኞ፣ ከዚያም ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞና ማክሰኞ፣ በመካከል እሑድ ጽዮን ነበረች። ሕጉ ግን «ተከታታይ» ስለሚል ይህ በመዝገባችን ላይ እንደ ሁለት ጊዜ ተያዘ፤ በዚህ የበጀት ዓመት የነበሯት ሁለቱም ዕድሎች በአንድ ቀዶ ሕክምና አለቁ። በኋላ ሳስበው ጥፋቱ የእኔም ነው። ደብዳቤው «ከኅዳር 16 እስከ 20» ከሚል ይልቅ «ቀዶ ሕክምናው ከሚደረግበት ቀን ጀምሮ 5 ተከታታይ ቀን፤ ቀጠሮው ቢዛወር በዕለቱ አሳውቃለሁ» ቢል ኖሮ ማክሰኞ እናቷን ሆስፒታል ለማስተኛት ግማሽ ቀን በስምምነት ሰጥተናት አንዱን ዕድል ልናተርፍላት እንችል ነበር። የሕክምና ቀጠሮ እንደሚዛወር የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም፤ እኛ ግን ደብዳቤውን የማይዛወር አስመስለን ጻፍነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ያልጠቀስኩት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም አስቀድሞ የሚታወቅ ጉዳይ ነው። ከመቀጠሩ በፊት የተቆረጠ የሠርግ ቀን፣ የተያዘ የፈተና ቀን ወይም የወሊድ ጊዜ ያለበት ሰው ውሉን ከመፈረሙ በፊት ቢናገር ይሻለዋል። ብዙዎች ቅጥሩ ይቀርብናል ብለው ይደብቁታል፤ በ20ኛው ቀን ሲገለጥ ግን የሚጎዳው እምነት ነው። ከመፈረሙ በፊት የተነገረ ጉዳይ በቅጥር ደብዳቤው ላይ በአንድ መስመር ሊሰፍር ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ማንም «ፈቃድ የለህም» አይለውም።

ይህን ሁሉ የጻፍኩት በአዋጁ ስለሚተዳደሩ የግል ድርጅት ሠራተኞች ነው፤ የመንግሥት ሠራተኞች የራሳቸው ሕግ አላቸው፣ የሥራ መሪዎችም በዚህ አዋጅ አይሸፈኑም።

ከናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የፈቃድ ቅጻችሁን በሚቀጥለው ስታሳትሙ «ቀሪ ፈቃድ» ከምትለው ሣጥን በላይ «የሚጠየቀው የፈቃድ ዓይነት» የምትል አንዲት መስመር ጨምሩ፤ ከጎኗም የዓመት፣ የጋብቻ ወይም የሐዘን፣ ያለ ደመወዝ የሚሉ ምርጫዎችን አኑሩ። ሞያችሁ ይህን ቅጽ መሙላት ከሆነ፣ መጀመሪያ ያንን መስመር አንብቡና ቀጥሎ ወደ ሣጥኗ ውረዱ። የእኛ ቅጽ ከጥር ወር ጀምሮ እንዲህ ተሻሽሎ ወጥቷል። ልጅቷም ቅዳሜ ታኅሣሥ 11 ሙከራዋን ጨርሳ በቋሚነት ተቀጥራለች፤ የቋሚነት ደብዳቤዋን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ከሠላምታ ጋር
አንድ የሰው ኃይል አስተዳደር ሠራተኛ
ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ፣ አዲስ አበባ